«ኢንዛይሙ ሞተ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የት ይቀመጥ?

ጤና ይስጥልኝ። የ3ኛ ዓመት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ከላብ ጓደኛዬ ጋር ሙቀት የአልካላይን ፎስፋቴዝን ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ ለክተን ሪፖርት አስገባን። ሁለቴ ተመለሰብን። ውጤት በሚለው ክፍል ላይ በቀይ «ይህ ውይይት ነው» ይላል። ውይይቱ ላይ ደግሞ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ውጤት ውስጥ አላየሁትም» ይላል።

ከ20 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአምስት ሙቀት፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካን። ፍጥነቱ በደቂቃ 3፣ 6፣ 10፣ 12፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 4 ናኖሞል ሆነ። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «በ60 ዲግሪ ኢንዛይሙ ዲናቹር ስለሆነ ሥራው ወደ 4 ወረደ። ስለዚህ ምርጥ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ነው።» ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው! ጓደኛዬ «ውጤት ውስጥ ሠንጠረዡን ብቻ እንተውና ወሬውን በሙሉ ወደ ውይይት እንውሰደው» ትላለች። በዚህ ተኮራርፈናል ማለት ይቻላል። በ40 ዲግሪ ደግሞ አንዱ ልኬት በጣም ስላነሰብን አውጥተነዋል። የት እንደሚነገር አላወቅንም። እውነቱን ለመናገር፣ አልተናገርነውም። የላብ መዝገቡን ገጾች አያይዣለሁ። እስከ ዓርብ ማስገባት አለብን። ሦስተኛ ጊዜ እንዳይመለስብኝ ፈርቻለሁ።

ቀይ እስክሪብቶ ያስመረራት

ውድ ቀይ እስክሪብቶ ያስመረራት፣

የመጀመሪያ የኢንዛይም ሪፖርቴ ላይ፣ ውጤት በሚለው ክፍል፣ «ኢንዛይሙ በሙቀት ሞተ» ብዬ ጽፌ ነበር። መምህሬ ከጎኑ «ሬሳውን አይተሃል?» ብሎ ጻፈበት። በጣም ተናደድኩ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ጥያቄው የምር እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ያየሁት ስፔክትሮፎቶሜትሩ ላይ ቁጥሩ መጨመሩን ሲያቆም ብቻ ነው። ሞቱን የጨመርኩት ከኪሴ ነው።

ስለዚህ ምሬትሽን አውቀዋለሁ። «የታወቀ ነገር ነው» ማለትሽም ይገባኛል። ብዙ ኢንዛይሞች በ60 ዲግሪ እንደሚበላሹ መምህርሽም ያውቃሉ። ግን የጠየቁሽ ስለ ኢንዛይሞች በጠቅላላ አይደለም። ያንቺ ኩቬት ውስጥ፣ በዚያ ቀን፣ የታየው ምንድን ነው የሚለውን ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚገባ ግራ ሲገባኝ ራሴን እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ ነገ ማብራሪያዬ ስህተት ሆኖ ቢገኝ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ቆሞ ይቀራል ወይስ አብሮ ይወድቃል? ቆሞ የሚቀር ከሆነ ውጤት ነው። የሚወድቅ ከሆነ ውይይት ነው።

እስቲ ያንቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በዚህ እንፈትነው። ጥፋተኛው ዲናቹሬሽን ሳይሆን በፈሩ ሆኖ ተገኘ እንበል። «በ60 ዲግሪ ሥራው ወደ 4 ወረደ» የሚለው ምንም አይሆንም። የለካሽው ቁጥር ነው፤ ማንም አይነጥቅሽም። «ዲናቹር ስለሆነ» የሚለው ግን ይወድቃል። አየሽ፣ ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ የተሳሳተ ክፍል መግባቱ አይደለም። ሁለት ክፍል ውስጥ መኖር ያለባቸውን ነገሮች በአንድ አፍ መናገርሽ ነው። በአማርኛ ደግሞ ይህ በጣም ቀላል ነው። «ስለ» የምትል ሁለት ፊደል ግሥ ላይ ትለጠፋለች፤ ምክንያቱም ሳይታይ ሾልኮ ይገባል። «ወረደ»፣ «ጨመረ»፣ «ተስተካከለ» ብትዪ የምታዪውን እየተናገርሽ ነው። «ተጎዳ»፣ «ተዳከመ»፣ «ታገደ» ስትዪ ግን ስለማታዪው ነገር መናገር ጀምረሻል።

እዚህ ላይ ብንቆም መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። «ስለ» ያለበትን ወደ ታች አውርጂ፣ ጨረስን። ነገር ግን የላክሽውን የመዝገብ ገጽ ሳየው ከዚህ የበለጠ ነገር አገኘሁ። ምናልባት አንቺም አላየሽውም።

የ50 ዲግሪውን የአብዞርባንስ ንባብ ተመልከቺ። በ15 ሰከንድ 0.054፣ በ1 ደቂቃ 0.216፣ በ2 ደቂቃ 0.432። ማስመሪያ የምታስቀምጪበት ቀጥ ያለ መስመር ነው። አሁን ወደ 60 ዲግሪው ሂጂ። በ15 ሰከንድ 0.075፣ በ30 ሰከንድ 0.111፣ በ1 ደቂቃ 0.137፣ በ2 ደቂቃ 0.144። ይህ መስመር አይደለም። ተነሥቶ፣ ተንፏቆ፣ የቆመ ነገር ነው።

ምን እንዳደረግሽ ይገባኛል። 0.144ን ለ2 ደቂቃ አካፈልሽ፤ በደቂቃ 0.072 መጣ። ይህን ደግሞ በምርቱ በፓራ-ናይትሮፌኖል የአብዞርባንስ መጠን፣ በሞላርና በሴንቲሜትር 18,000 በሆነው፣ አካፈልሽው፤ በደቂቃ 4 ማይክሮሞላር ሆነ። በ1 ሚሊሊትር ኩቬት ውስጥ ደግሞ ይህ በደቂቃ 4 ናኖሞል ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። በ50 ዲግሪም ያደረግሽው ይህንኑ ነው፤ እዚያ ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ የትኛውንም ደቂቃ ብትወስጂ ያው 12 ይመጣል። በ60 ዲግሪ ግን የመጀመሪያዎቹን 15 ሰከንዶች ብቻ ብትወስጂ ንባቡ በደቂቃ 0.300 ሊጨምር የሚሄድ ይመስላል። ይህ ወደ 17 ናኖሞል ይጠጋል። ከ50 ዲግሪው ይበልጣል!

ቀስ ብለሽ አስቢበት። «ሥራው ወደ 4 ወረደ» ያልሽው ቁጥር የ2 ደቂቃ አማካይ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ደቂቃ 60 ዲግሪ ከሁሉም ፈጣኑ ነበር። በሁለተኛው ደቂቃ ደግሞ የቆመ ያህል ነው። በዚያ ደቂቃ ሙሉ የጨመረው 0.007 ብቻ ነው። 4 የሚለው ፍጥነት በዚያ ኩቬት ውስጥ የታየው፣ መስመሩ ከፈጣኑ ወደ ቀሰስተኛው ሲያልፍ፣ ለአፍታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውጤት ክፍልሽ ውስጥ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሠንጠረዥ ብቻ ብታስቀምጪ አንባቢው 4ን ያያል፤ መታጠፉን አያይም። ውይይት ላይ ደርሰሽ «መስመሩ ታጥፏል» ስትዪ መምህርሽ «ይህ ከየት መጣ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንባቢ ውጤት ውስጥ ያላየውን የራስሽን ልኬት ውይይት ውስጥ ሊያገኝ አይገባም። ሌሎች ያሳተሙት ቁጥር ውይይት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢመጣ ችግር የለውም። ያንቺው ግን መጀመሪያ ላይ መታየት አለበት።

«ታዲያ ስሌት ውጤት ነው ወይስ ትርጉም?» ብለሽ ብትጠይቂ አይገርመኝም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ከአብዞርባንስ ወደ ናኖሞል መሄድ ግምት አለበት። 18,000ን አምነሽ ነው፤ የትኛውን ሰዓት እንደምትወስጂ መርጠሽ ነው። ቢሆንም ውጤት ነው። መንገዱን እስከተናገርሽ ድረስ ማንም ሰው በራስሽ ንባብ ተመሳሳይ ቁጥር ላይ ይደርሳል። ስለ ኢንዛይሙ ያለሽ እምነት አይገባበትም። ምርጫሽን ግን በግልጽ ጻፊው፦ «ፍጥነቱ የተሰላው ከ2 ደቂቃ አማካይ ነው» ወይም «ከመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ነው»። ለ60 ዲግሪ ሁለቱንም ስጪ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ። «ምርጥ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ነው»። ይህ ውጤት ይመስላል፤ ቁጥር አለበት፤ ግሥ ላይ የተለጠፈ «ስለ» የለበትም። እኔም በመጀመሪያ እይታ ውጤት ውስጥ እተወው ነበር። ግን በፈተናው ውስጥ አሳልፊው። በ15 ሰከንድ ብትለኪ ምርጡ 60 ነው። በ2 ደቂቃ ብትለኪ ምርጡ 50 ነው። በ1 ሰዓት ብትለኪ ደግሞ ምናልባት ከ50ም ሊወርድ ይችላል፤ በ2 ደቂቃ የማይታይ መበላሸት በሰዓት ይታያል። ስለዚህ «ምርጥ ሙቀት» እንደ ቁመት ኢንዛይሙ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም። ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል፤ ሙቀት ኢንዛይሙንም ያበላሻል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው ምን ያህል ጊዜ በመጠበቅሽ ነው። በዚያ ላይ የለካሽው በየ10 ዲግሪው ነው። ከ50 ወደ 60 ባለው መካከል ምን እንዳለ አታውቂም።

ውጤት ውስጥ ልትዪ የምትችዪው ይህን ነው፦ «ከተለኩት አምስት ሙቀቶች መካከል፣ በ2 ደቂቃ አማካይ ሲታይ፣ ከፍተኛው ፍጥነት የተገኘው በ50 ዲግሪ ነው።» ይህ ምንም ቢመጣ አይወድቅም። «ምርጥ ሙቀት» የሚለውን ቃል ለውይይት አቆዪው፤ ጊዜውንም አብረሽ ጥቀሺለት።

ወደ ዲናቹሬሽን እንመለስ። ከውጤት አወጣነው እንጂ አልጣልነውም። ውይይት ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ታወቀ ነገር ዝም ብሎ አይገባም፤ ሌሎች ተጠርጣሪዎችን አስወጥቶ ነው የሚገባው። ደስ የሚለው ደግሞ የማስወጫው ማስረጃ በሙሉ እጅሽ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሰብስትሬት ማለቅ ነው። መስመር ሲታጠፍ ሁሉም የሚያነሣው እሱን ነው። ኩቬቱ ውስጥ 1 ሚሊሞላር ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት ነበረሽ፤ ማለትም 1,000 ማይክሮሞላር። በ60 ዲግሪ እስከ መጨረሻው የተሠራው 8 ማይክሮሞላር ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ማዕዱ ከነሙሉው ተቀምጧል፤ የቆመው በላተኛው ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ምርቱ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ ሰብስትሬቱን ሲቆርጥ ፎስፌት ይለቃል፤ ፎስፌት ደግሞ ራሱን ኢንዛይሙን ያግዳል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ግን የ50 ዲግሪውን ኩቬትሽን ተመልከቺ። እዚያ 24 ማይክሮሞላር ተሠርቷል፤ ሦስት እጥፍ። መስመሩ ግን አልታጠፈም። 24 ያላስቆመውን 8 ያስቆመዋል ማለት ይከብዳል።

ሦስተኛው በፈሩ ነው። የተጠቀምሽው ትሪስ ነው፤ መዝገብሽ ላይ በ25 ዲግሪ ፒኤች 9 ተብሎ ተጽፏል። ትሪስ ሲሞቅ ፒኤቹ ይወርዳል፤ በየዲግሪው 0.03 ገደማ። በ60 ዲግሪ ወደ 8 ይጠጋል ማለት ነው። ይህ ለዚህ ኢንዛይም ትንሽ ለውጥ አይደለም። ቢሆንም የበፈር ችግር ገና ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ያዘገያል እንጂ በፍጥነት አስጀምሮ በኋላ አያቆምም። መታጠፉን አያስረዳም። በሌሎቹ ሙቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ላይ ግን እጁ ሊኖርበት ይችላል። ይህን እንደ ድክመት ውይይት ውስጥ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊው። መምህርሽ ሳይጠይቁሽ ብትናገሪ ይሻላል።

እንግዲህ የቀረው ዲናቹሬሽን ነው። ልብ በዪ፣ ቀረ እንጂ ተረጋገጠ አላልኩም። ከልኬትሽ ጋር ይስማማል። ሌሎቹ አልተስማሙም። ውይይት ውስጥ የምትጽፊው ይህን ርቀት ጠብቀሽ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳይሽ። ቃል በቃል አትገልብጪው፤ የራስሽ አፍ ይኑረው። ውጤት፦

«ፍጥነቱ ከ20 እስከ 50 ዲግሪ በደቂቃ ከ3 ወደ 12 ናኖሞል ጨመረ። በእነዚህ አራት ሙቀቶች አብዞርባንሱ 2 ደቂቃ ሙሉ በቀጥታ መስመር ጨምሯል። በ60 ዲግሪ ግን መስመሩ ታጥፏል። በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ፍጥነቱ በደቂቃ 17 ናኖሞል ገደማ ነበር፤ ከ1 ደቂቃ በኋላ ጭማሪው ሊቆም ምንም አልቀረውም። የ2 ደቂቃው አማካይ 4 ናኖሞል ነው። በዚህ ጊዜ የተሠራው ምርት 8 ማይክሮሞላር፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ 24 ማይክሮሞላር ነው።»

ውይይት፦

«በ60 ዲግሪ የታየው መታጠፍ ኢንዛይሙ በመለኪያው ጊዜ ውስጥ እየተበላሸ ከመሄዱ ጋር ይስማማል። ሰብስትሬቱ ከ99 በመቶ በላይ ስላልተነካ ማለቁ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የፎስፌት እገዳም አጠራጣሪ ነው፤ በ50 ዲግሪ ሦስት እጥፍ ምርት ተሠርቶ መስመሩ አልታጠፈም።»

8 እና 24 የት እንደሚገኙ አስተውለሻል? ውጤት ውስጥ እንዲሁ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ምንም አልተባለባቸውም። ውይይት መጥቶ አነሣቸውና ሥራ ሰጣቸው። ሁለተኛው የቀይ ማስታወሻ የሚጠይቀው ይህን ነው። እኔ በግሌ ውይይቱን መጀመሪያ እጽፍና፣ የተጠቀምኩበትን እያንዳንዱን የራሴን ቁጥር አስምሬ፣ ውጤት ውስጥ መኖሩን ወደ ኋላ ተመልሼ አያለሁ። ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይጎድላል።

ስለ ጓደኛሽ ትንሽ ልበል። ግማሽ እውነት አላት። ምክንያቱን ወደ ታች ማውረዷ ልክ ነው። ግን ሠንጠረዥ ብቻውን አይናገርም። አምስት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት ልኬት፣ አሥራ አምስት ቁጥር ስትሰጪው አንባቢው የቱን ይመልከት? «እዚህ ይጨምራል፣ እዚህ ይታጠፋል» ብሎ ጣት መቀሰር ውጤት ነው። ትርጉም አይደለም። ይህን ስትነግሪያት «ተሳስተሻል» ብለሽ ባትጀምሪ ይሻላል። ይልቅ የ60 ዲግሪውን አራት ንባብ ፊቷ አስቀምጪና «ይህ ሠንጠረዡ ላይ ይታያል?» ብለሽ ጠይቂያት። አይታይም። ለእሱ ግራፍ ያስፈልጋል፤ ሰከንዱ ከታች፣ አብዞርባንሱ በጎን፣ 50 እና 60 ዲግሪ ብቻ አንድ ላይ። የአምስቱም ሙቀት አያስፈልግም፤ ይጨናነቃል።

አሁን ወደምትፈሪው ነገር። የ40 ዲግሪዎቹ ሦስት ንባቦች በደቂቃ 0.178፣ 0.182 እና 0.061 ናቸው። ሦስተኛውን አውጥተሽ 0.180 አልሽ፤ 10 ናኖሞል ሆነ። ከእሱ ጎን በእጅ ጽሑፍ «ከፒፔቱ ጫፍ ጠብታ ቀርቷል» የሚል ነገር አያለሁ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ለእኔ መመለስ የለብሽም። ያንን የጻፍሽው በዚያው ሰዓት ነው ወይስ ቁጥሩን ካየሽ በኋላ?

በዚያው ሰዓት ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ውጤት ውስጥ ሦስቱንም ቁጥር ስጪ። «ሦስተኛው ልኬት ኢንዛይሙ በከፊል ፒፔቱ ላይ መቅረቱ በጊዜው ስለተመዘገበ ከአማካዩ ተነሥቷል» በዪ። እዚህ «ስለ» አለች፤ ግን ይህች የተፈቀደላት ናት። ኢንዛይሙ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አታስረዳም። አንቺ ምን እንዳደረግሽ ነው የምትናገረው። ከቁጥሩ በኋላ የጻፍሽው ከሆነ ግን አታውጪው። ሦስቱንም አስገቢ፤ አማካዩ 7.8 ይሆናል። ልኬቶቹ መራራቃቸውን ውጤት ውስጥ አሳዪ፤ ጠብታውን እንደ ግምት ውይይት ውስጥ አንሺው። ደግሞ እዪ፣ 7.8ም ሆነ 10፣ ከ30 ዲግሪው 6 ይበልጣል፣ ከ50 ዲግሪው 12 ያንሳል። ታሪክሽ አይለወጥም። ይህን ያህል ተደብቆ ምንም ያልጠቀመ ቁጥር ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው ጉዳይ ወጣ ይላል። 50 ማይክሮሊትር ኢንዛይም ከበረዶ አውጥተሽ በ60 ዲግሪ የነበረ 950 ማይክሮሊትር ውስጥ ስትጨምሪ፣ ውህዱ ወደ 57 ዲግሪ ይወርዳል። ቴርሞሜትሩን ኩቬቱ ውስጥ ነው የከተትሽው ወይስ የማሞቂያ ውሃው ውስጥ? የማሞቂያ ውሃው ውስጥ ከሆነ «60 ዲግሪ» ያልሽው የማሞቂያ ውሃው ሙቀት ነው። ዘዴ በሚለው ክፍል እንዲሁ ብለሽ ጻፊ። ውይይት ውስጥ መግባት ያለበት የኩቬቱ ሙቀት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ዝቅ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ነው። ይህ ደግሞ አይጎዳሽም፤ ዝቅ ብሎም እንኳ ፈጣኑ እሱ ነበር።

እስከ ዓርብ ላብ መግባት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ አንድ ከሰዓት የሚበቃ ሥራ አለ። ኢንዛይሙን ያለ ሰብስትሬት በ60 ዲግሪ 2 ደቂቃ አቆዩት፤ ወዲያው በረዶ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በ30 ዲግሪ ለኩት። ጎን ለጎን ያልሞቀውንም ለኩ። ያልሞቀው 6 ገደማ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ኢንዛይማችሁ በቀናቱ ውስጥ ደክሟልና ንጽጽሩን ከዛሬው ጋር ብቻ አድርጉ። የሞቀው ምንም ካልሠራ ዲናቹሬሽን ከግምት ወደ ማስረጃ አንድ እርምጃ ቀረበ። የሞቀውም 6 ከሰጠ ደግሞ ወይ ሲቀዘቅዝ ራሱን መልሷል፣ ወይ ሌላ ምክንያት አለ። ሁለቱም ጥሩ ውይይት ይወጣቸዋል። ቁጥሮቹ ግን፣ የትኛውም ቢመጣ፣ ውጤት ውስጥ ናቸው።

መግባት ካልቻላችሁ ይህንኑ ሙከራ በውይይቱ መጨረሻ ላይ ቀጣይ ሥራ አድርጋችሁ ጻፉት። «ወደፊት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብቻ አትበሉ፤ ይህ ምንም አይልም። 60 ዲግሪ፣ 2 ደቂቃ፣ በ30 ዲግሪ ልኬት፤ ከሁለቱ መልሶች የትኛው ምን እንደሚያሳይ ጨምሩ።

ጽሑፉን ስታስተካክሉ ደግሞ እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ። የድሮውን ሪፖርት ሁለት ቅጂ አትሙ። አንቺ አንዱን፣ ጓደኛሽ ሌላውን ይዛችሁ፣ ሳትነጋገሩ፣ ማብራሪያው ቢወድቅ አብረው የሚወድቁትን ዓረፍተ ነገሮች አስምሩባቸው። ከዚያ አነጻጽሩ። በአብዛኛው ትስማማላችሁ። የምትለያዩባቸው ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ፤ እነሱ እንደ «ምርጥ ሙቀት» ያሉ ሁለት ነገር የተሸከሙ ናቸው። ለሁለት ሰንጥቋቸው። እምቢ ካሉ መምህርሽ ዘንድ ሄዳችሁ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አሳዩአቸው። «ሪፖርቱን ይዩልን» ከምትዪ «ይህ ዓረፍተ ነገር የትኛው ክፍል ነው?» ብትዪ መልሱን ቆመው ይሰጡሻል። በዚያው አጋጣሚ «ውጤትና ውይይት» ተብሎ አንድ ላይ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ከተፈቀደም በየአንቀጹ መጀመሪያ የታየውን፣ ቀጥሎ ትርጉሙን አስቀምጪ።

የ40 ዲግሪውን ነገር ግን ለዓርብ አታቆዪው። ዛሬ ማታ ሠንጠረዡን ክፈቺና 0.061ን ወደ ቦታው መልሺው።